የእንቁጣጣሽ ደብዳቤያችን፦ ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 3

ነሐሴ 5

ሥራው ዘንድሮም እኔ ላይ ወደቀ። ለማታውቁን፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ በድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች የሚኖሩ 34 አረጋውያን አሉ። ትንሽ ማኅበር አለችን። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለበዓል መዋያ የሚሆን አስቤዛ ገዝተን በየቤታቸው እናደርሳለን። ገንዘቡን የምንሰበስበው ለጎረቤትና ለወዳጅ በምንልከው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ዛሬ የአምናውን አውጥቼ አነበብኩት። መክፈቻው እንዲህ ይላል፦ «እርስዎ ዶሮ ወጥዎን ከልጆችዎ ጋር ሲቆርሱ፣ በጨለማ ቤት ብቻቸውን የተቀመጡትን አስበዋቸው ያውቃሉ?»

ይሄንን እኔ ነኝ የጻፍኩት። አፈርኩ።

አምና ገንዘቡ አልጠፋም፣ ተገኝቷል። ግን አንዲት ጎረቤቴ በኋላ ቡና ላይ ስቃ የነገረችኝ ነገር ከውስጤ አልወጣም። መልእክቱ ሲመጣ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው፣ ማታ ደግሞ ሕሊናዋ አላስተኛ ሲላት ላከች፣ ከዚያ በኋላ ግን የእኔን ስም ስልኳ ላይ ባየች ቁጥር «ደግሞ ምን ልትለኝ ነው» ትላለች። እንግዲህ አንድ ጊዜ ከፈለች፣ ሁለተኛ ግን ሸሸችኝ ማለት ነው። ዘንድሮ ማንም ስልኩን እንዲገለብጥብኝ አልፈልግም።

ነሐሴ 7

ከኮሚቴው ጋር ተሰበሰብን። አንዱ ልጅ ከውጭ አገር ድርጅቶች ያገኛቸውን ናሙናዎች ይዞ መጣ። ሁሉም የታኅሣሥ ናቸው። «እስከ ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት» ይላሉ። እዚያ ነገሩ ከግብር ጋር የተያያዘ ነው፤ ዓመቱ ሳያልቅ የሰጠ ሰው ከዚያው ዓመት የግብር ሒሳቡ ላይ ሊቀንስለት ይችላል። ቀነ ገደቡ እውነተኛ ነው። ለእኛ ጎረቤት ግን ዲሴምበር 31 ማለት ታኅሣሥ 22 ነው፣ ምንም የሌለበት ቀን። «ሰዓቱ እያለቀ ነው!» የሚለውን ብንገለብጥ ውሸት ይሆናል።

የእኛ ወቅት ምንድነው ታዲያ? ይኸው ዝናብ፣ ጭቃ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የዩኒፎርም ወጪ፣ የበግ ዋጋ። ኪስ እንደዚህ የሚራቆትበት ሌላ ጊዜ የለም። ጳጉሜ ደግሞ ደመወዝ የሌለባት አሥራ ሦስተኛ ወር ናት። እና በዚህ ሰዓት ለሰው «አላዘንክም» ማለት ድፍረት ነው።

ሒሳብ ያዣችን ጋሼ «ሰው ካልተነካ አይሰጥም» አሉ። በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ቁጥር ያውቃሉ፣ እኔም ቶሎ አልተከራከርኳቸውም። አንድ ነገር ብቻ ተስማማን። ደብዳቤው ሳይላክ በፊት ከአረጋውያኑ ለአንዳቸው ይነበብላቸዋል። ፊታቸው ላይ ማንበብ የማንችለውን አንልክም።

ነሐሴ 9

ዛሬ ረቂቁን ይዤ ከግንብ አጥሩ ሥር ወዳሉት እማማ ሄድኩ። ፍልሰታ ስለሆነ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ጠብቄ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ደረስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት። «ብቻቸውን ለሚውሉት...» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ማነው ብቻዬን ነኝ ያለሽ?»

ምን ልበል። ዝም አልኩ።

«ጎረቤት ሞልቶኛል ልጄ። ቡና የማፈላው እኔ ነኝ፣ የሚመጡት እነሱ። ቡናው ነው የተወደደው እንጂ ሰውስ አለ።» ቀጥለው ሲኒዎቻቸውን አሳዩኝ። ስድስት ናቸው፣ አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል፣ ረከቦቱ ላይ ተገልብጠው በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ከዚያ ደብዳቤውን ሁሉ የገለበጠውን ነገር ተናገሩ፦ «እኔን የሚጨንቀኝ ምን መሰለሽ፣ ልጆቹ አበባየሆሽ ብለው በሬ ላይ ሲመጡ ነው። አምና የዳቦ ዱቄት ስላመጣችሁ ቆርሼ ሰጠኋቸው። ካቻምና ግን ሳንቲምም ዳቦም አልነበረኝም፣ በሩን ዘግቼ የሌለሁ መሰልኩ።»

የሌለሁ መሰልኩ።

እዚያው ተቀምጬ ረቂቁን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እኛ «ተቀባይ» እያልን የምንጽፍላቸው ሴትዮ የሚጨነቁት ለሚሰጡት ነገር ነው። ዱቄቱን የሚፈልጉት ለራሳቸው ጉርሻ ብቻ አይደለም፣ እንደማንኛውም የሰፈሩ ሰው በእንቁጣጣሽ በራቸውን ከፍተው ለመቆም ነው። ዳቦውም ቡናውም ወቅቱ ውስጥ አሉ። እኔ ከውጭ የማመጣው ሐዘን አያስፈልግም።

ፎቶ ላንሳ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «እኔን ተይኝ፣ ሲኒዎቹን አንሺ» አሉኝ። ቃላቸውን ግን እንድጠቀምበት ፈቀዱ፣ ስም ሳልጠራ። የተሸረፈችውን ሲኒ ወደ ኋላ አዙረው ነው ያስነሱኝ።

ነሐሴ 11

እሁድ ገበያ ሄደን ዋጋ ያዝን። ለአንድ ቤት እንዲህ ይመጣል፦ የስንዴ ዱቄት 5 ኪሎ 500 ብር፣ ዘይት 3 ሊትር 1,050፣ ቡና ግማሽ ኪሎ 400፣ ሽንኩርት 3 ኪሎ 240፣ ስኳር 2 ኪሎ 260። ድምሩ 2,450። ለማድረሻ ባጃጅ 50 ብር ሲጨመር 2,500። ለ34 ቤት 85,000 ብር።

አምና «የሚችሉትን ያድርጉ» ብቻ ነበር ያልነው። ሰው ስንት ብሎ እንደሚልክ ስለማያውቅ ግራ ይጋባል፣ ትንሽ ልልክና ላፍር ነው ይላል፣ ከዚያ ነገ እልካለሁ ብሎ ይረሳዋል። ዋጋው በግልጽ ሲቀመጥ ያ ጭንቀት ይቀላል ብዬ አስባለሁ።

ነሐሴ 12

«ቅርጫ» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሊቀመንበሯ ነው። በሬ ሲታረድ መደብ ተመድቦ የለ? አንዱ ሙሉ መደብ ይገባል፣ ሌላው ግማሽ፣ ሁለት ወንድማማች ተጋርተው ሩብ ሩብ ይወስዳሉ። ግማሽ የገባን ሰው ለምን ሙሉ አልገባህም የሚለው የለም። ዘንድሮ አልተመቸኝም ያለውንም ማንም አይወቅሰውም፣ ለመስቀል ይገባል። እኛ የምንፈልገው ስሜት ይሄ ነው። ሙሉ መደብ 2,500፣ ግማሽ 1,250፣ ሩብ 625።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ከጎረቤቶቻችንም ከአረጋውያኑም ሙስሊሞች አሉ። ቅርጫ ሲባል ሥጋ ነው ትዝ የሚለው፣ ሥጋ ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊም አይጋራም። የኮሚቴው አባል የሆነችውን ሙስሊም ጓደኛችንን ጠየቅናት። ሳቀች። «ዱቄትና ቡና ነው አይደል? ዱቄት ሃይማኖት የለውም። ግን ‹ሥጋ የለበትም› ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ፣ አባቴ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው» አለች። ጻፍን። በዚያው «ለነፍስዎ ዋጋ ያገኛሉ» የሚለውን የድሮ መዝጊያችንንም አወጣነው። ዋጋውን ከፈጣሪው ጋር የሚተሳሰበው ራሱ ሰውየው ነው።

ነሐሴ 13

ቡሄ። የሆያ ሆዬ ልጆች ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሦስተኛዎቹ የመጀመሪያዎቹ ይመስሉኛል፣ ጅራፋቸው ያው ነው። የሠራሁት ነገር የለም።

ማታ ግን ረቂቁን እርሳስ ይዤ አለፍኩበት። ጥፋተኝነት አማርኛ ውስጥ የት የት እንደሚደበቅ ያየሁት ያኔ ነው። ትልልቁ ዐረፍተ ነገር ብቻ አይደለም፣ ትንንሾቹም ቃላት አሉበት። «ቢያንስ 625 ብር»፤ እዚህ «ቢያንስ» ምን ይሠራል? ሩብ የገባውን ሰው ከታች አስቀመጠው። «ሩብ እንኳ ቢሆን»፤ «እንኳ» ይባስ። «በአንድ ምሳ ዋጋ ብቻ»፤ «ብቻ» የሚለው የሰውን ምሳ ቆጠረበት። «አትርሷቸው» ደግሞ ረስታችኋል ማለት ነው። ሁሉንም ሰረዝኩ። የለጋሹን ማዕድ ከአረጋውያኑ ማዕድ ጋር የሚያወዳድር ዐረፍተ ነገር ካገኘሁም ሳላመነታ እሰርዛለሁ።

ሌላው ራስ ምታት አጠራር ነው። «እርስዎ» ስል የባንክ መልእክት ይመስላል። «አንተ» ካልኩ ሴቷ፣ «አንቺ» ካልኩ ወንዱ ይቀራል፣ «አንተ/ቺ» ደግሞ ቅጽ ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም። «እናንተ» አሸነፈ። ቤተሰቡን ሁሉ ይጠራል፣ ማንንም ለብቻው አያፋጥጥም።

የመጨረሻው ይሄ ነው፦

«ሰላም ጎረቤቶች፣

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆቹ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያሉ አንዲት እማማ እንዲህ አሉን፦ ‹ዱቄቱ ካለ ዳቦ ቆርሼ እሰጣቸዋለሁ፣ ቡናው ካለ ጎረቤት እጠራለሁ።›

ለእሳቸውና ለሌሎች 33 ቤቶች የበዓል ቅርጫ ገብተናል። ሥጋ የለበትም፦ ዱቄት፣ ዘይት፣ ቡና፣ ሽንኩርትና ስኳር ነው። አንድ መደብ እስከ ቤት ማድረሻው 2,500 ብር፣ ግማሽ 1,250፣ ሩብ 625። የምንገዛው እስከ ጳጉሜ 2 ነው፣ ሽንኩርት ከዚያ በኋላ ስለሚወደድ። ከተረፈ ለጥቅምት እናቆየዋለን፣ መስከረም 3 ሒሳቡን እዚሁ እንለጥፋለን።

ዘንድሮ ካልተመቻችሁ ለመስቀልም ለገናም እንገናኛለን። እንኳን አደረሳችሁ።»

ጋሼ «ካልተመቻችሁ» የሚለውን አልወደዱትም። «በሩን ራስሽ ከፈትሽላቸው እኮ» አሉ። እኔ ደግሞ በሩ ቀድሞም ክፍት ነው፣ እኛ አላየነውም እንጂ አልኳቸው። በድምፅ ብልጫ ባለበት ጸና፣ ሦስት ለሁለት። እማማ ጋ ተመልሼ አነበብኩት። «ይሄስ የእኔ ነው» አሉ።

ነሐሴ 14

ቴሌግራም ላይ ከሲኒዎቹ ፎቶ ጋር ላክን። ለ412 ሰዎች ደግሞ በኤስኤምኤስ።

ኤስኤምኤሱ ላይ ተበላን። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፤ ካለፈ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ 67 ብቻ ይይዛል። ባዶ ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። የእኔ መልእክት 190 ምናምን ሆሄ ነበር፣ ማለትም በሰው ሦስት ሦስት። 412 ሰው ብዬ የ1,236 መልእክት ሒሳብ መጣ። ወጪው ከኮሚቴው ወርሃዊ መዋጮ ነው የሚከፈለው፣ ከቅርጫው አይነካም፣ ግን አንገበገበኝ።

ነሐሴ 17

በሦስት ቀን ስድስት ሰው። ጋሼ ምንም አላሉም፣ መነጽራቸውን ብቻ ወለወሉ።

የማውቃቸው አራት ሰዎች ጋ ደወልኩ፣ ስጡ ለማለት ሳይሆን መልእክቱ ደርሷቸው እንደሆነ ለመጠየቅ። ሁለቱ ደመወዝ እየጠበቁ ነው። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ምን ገንዘብ አለ? ሦስተኛዋ ግን ልትልክ ገብታ ነበር። የሒሳብ ቁጥሩን ስትሞላ ስልኳ ላይ የወጣው ስም ሌላ ሆነባት፣ ፈራችና ተወችው። ልክ ናት። ማኅበሩ የተመዘገበበት ስም ረጅም ነው፣ እኛ የምንጠራበት ሌላ ነው፣ በዚህ ላይ ማጭበርበሩ በዝቷል። ወዲያው ከቁጥሩ ሥር «ስትልኩ የሚወጣላችሁ ስም ይሄ ነው» ብለን በስክሪኑ ላይ እንደሚታየው ፊደል በፊደል ጻፍን። በዚያው ምሽት እሷም ሌሎች ሦስት ሰዎችም ላኩ። ስለ ቃላት ያን ሁሉ ሌሊት ስጨነቅ ሰው የቆመው እዚች ጋ ነበር።

ነሐሴ 20

100 ብር ገባ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ለሽንኩርት» ይላል።

መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን። ሩብ የመጨረሻው ትንሹ መደብ ነው ብለን ስናስቀምጥ፣ ከ625 በታች ያለው ሰው ቦታ አላገኘም። እኚህ ሰው ግን ቦታቸውን ራሳቸው ፈጠሩ። ለሁለተኛው መልእክት «የቻላችሁትም ይገባል» የምትል መስመር ተጨመረች። «ቢያንስ» የለባትም።

ነሐሴ 24

የሁለተኛውን ኤስኤምኤስ ሆሄ በጣቴ እየቆጠርኩ ዋልኩ። ሁለት ቁራጭ ማለት 134 ሆሄ ነው። ይኸው፦

«ልጆቹ አበባየሆሽ ሲሉ የእማማ ቤት ዳቦ እንዲኖር ለ34 ቤት ቅርጫ ገብተናል። መደብ 2,500፣ ግማሽ 1,250፣ ሩብ 625 ብር። የቻላችሁትም ይገባል። እንኳን አደረሳችሁ። ሒሳብ ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ አለ።»

129። አምስት ተርፎኛል። ቁጥሩን አልጨመርኩም፣ ስሙ ሳይኖር ቁጥር ብቻ መላክ ያንኑ ፍርሃት ነው የሚያመጣው።

ነሐሴ 29

ደመወዝ ለአብዛኛው ሰው ገብቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላክን። አስቀድመው ከላኩት ስም ቀንሰን ነው የላክነው፤ የሰጠን ሰው ደግመን መጠየቅ ሌላው ማሳፈሪያ ነው። ላልላኩትም «እስካሁን አልላካችሁም» የሚል ነገር የለም። ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ «9 ቤት ሞልቷል፣ 25 ይቀራል» ብቻ ጻፍን።

እስከ ማታ 31 ሰው። ጋሼ ራሳቸው ደወሉ፣ ድምፃቸው ተለውጧል።

ጳጉሜ 2

እሁድ ገበያ። ዱቄቱንና ዘይቱን ቀደም ብለን ገዝተናል። ሽንኩርት ግን 80 የነበረው 120 ገብቷል። 102 ኪሎ ነው የምንፈልገው፣ ስለዚህ 4,080 ብር ጨመረ፣ ጠቅላላው 89,080። ደብዳቤው ላይ ሽንኩርት ይወደዳል ያልኩት እኔ፣ ቀደም ብዬ ያልገዛሁትም እኔ። ቀድመን ብንገዛ በዚህ ዝናብ ይበሰብስብናል ብለን ነው፣ ደረቅ ቦታ የለንም። ለከርሞ ዋጋው ላይ መጠባበቂያ እንይዛለን።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ጠዋት ዝናቡ ሲጥል የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ራቁታቸውን ወጥተው ተጠመቁ። እኛ እዚያው ደጅ ላይ ሸራ ወጥረን እናሽጋለን። ሁለት ከረጢት ዱቄት ረጠበብን፣ ለየናቸውና ለእኛ ቤት ወሰድናቸው፣ በምትካቸው ከኪሳችን ገዛን። ዱቄቱ እኔ ቤት ዳቦ ሆኗል፣ መጥፎ አይደለም።

ጳጉሜ 5

34ቱም ቤት ደረሰ። አንድ ቤት ተዘግቶ ነበር፣ ሽማግሌው ልጃቸው ጋ ሄደዋል። ጎረቤታቸው በአደራ ተረከቡን።

መስከረም 1

አራት ሰዓት ላይ እማማ ጋ ጎራ አልኩ። ጓዳ ውስጥ ድፎ ዳቦ ተቆርሷል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። እኔ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሁለት ቡድን ሴት ልጆች መጡ፣ አደይ አበባቸውን ይዘው። እማማ ዳቦ ቆርሰው ሲሰጡ ለትንሿ የጎን የጎኑን፣ ጠንከር ያለውን ሰጧት፣ ፊቷ ጠቆረ፣ መልሰው መሐሉን ቆረሱላት። ለእኔም የተሸረፈው ሲኒ ደረሰኝ።

መስከረም 3

ሒሳቡን ለጠፍን፦ ሙሉ መደብ የገቡ 9፣ ግማሽ 21፣ ሩብ 64፣ የቻሉትን የላኩ 7። በድምሩ 101 ሰው፣ 89,650 ብር። ወጪ 89,080። የተረፈው 570 ብር ለጥቅምት ተቀምጧል። ከሥሩ የሲኒዎቹን ፎቶ መልሰን አደረግን።

አንዲት ሴት ከሥር ጻፈች፦ «እኔ ዘንድሮ አልተመቸኝም፣ የገና መደብ መቼ ነው የሚወጣው?» ያቺ ስልኳን የገለበጠችው ጎረቤቴ ናት።